የያርጋል ሃያ ቀን

ደባርቅ ገብታችሁ «ያርጋል ገብረ ክርስቶስ የት ነው?» ብትሉ የሚያውቅ አታገኙም። «ሚዛኑስ?» ካላችሁ ግን ሊስትሮውም ባለሱቁም የገበሬዎች ዩኒየኑን ቢሮ በጣቱ ያሳያችኋል። ስሙ የወጣለት ሚዛን ሆኖ ስለተገኘ ነው ይላሉ። እኔ ግን ስሙ ከወጣለት በኋላ ነው ስሙን ለመምሰል የተንገበገበው ባይ ነኝ። ሰውን የሚያጠፋው ክፉ ስም ብቻ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ ጥሩ ስምም ያጠፋል።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ምርጥ ዘር ያከፋፍል በነበረበት ዘመን የእናቱ ወንድም አገኘሁ ሰልፉ ካለቀ በኋላ ደርሶ «ልጄ፣ አንድ ጣሳ ብቻ ስጠኝ፤ ዝናቡ ሊያመልጠኝ ነው» አለው። ያርጋል በሰው ሁሉ ፊት «ቀኑ አልፏል፣ አጎቴ» ብሎ የጆንያውን አፍ አሰረ። ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ፤ እስኪሞት ድረስም አላነጋገረውም። ያርጋል ታዲያ ይህን ታሪክ ጠላ በቀመሰ ቁጥር ያወራዋል። «ለሥጋ ዘመዴ አላደላሁም!» ይላል ደረቱን ነፍቶ። ሰሚውም «ሚዛን ነህ!» ይለዋል። ጠላውን የሚከፍለው እሱ ነው፤ ሌላ ምን ይበሉት?

ይህ ሰው በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከባድ ነገር እጁ ገባ። እሱ የዕቅድ ኃላፊ የሆነበት የገበሬዎች ዩኒየን ለዚያ ዓመት ማስፋፊያ የያዘው ገንዘብ አምስት ሚሊዮን ብር ነው። ባንኩ ከዚያ በላይ አላበድርም ብሏል፤ አንዲት ሳንቲም አትጨመርም። ጥያቄው ግን ሦስት ነው። ዳባት ላይ የብቅል ገብስ መጋዘን ከነማበጠሪያው ሦስት ሚሊዮን ይፈልጋል። ለዩኒየኑ ባለተሳቢ የጭነት መኪና ሁለት ሚሊዮን። ቁልቋል ሚካኤል ላይ ደግሞ ወፍጮ ቤት ከነሞተሩ አንድ ሚሊዮን ተኩል። ሦስቱ ሲደመሩ ስድስት ሚሊዮን ተኩል ይሆናሉ፤ አንዱ የግድ ይወድቃል።

ቁልቋል ሚካኤል ያርጋል የተወለደበት መንደር ነው። ገደል አፋፍ ላይ ነው ያለው፣ ወፍጮም የለውም። ሴቶቹ እህል ይዘው ወደ ዛሪማ ይወርዳሉ፤ ሲወርዱ ሦስት ሰዓት፣ ዱቄቱን ይዘው ሲወጡ አምስት። መሃል ላይ «ደረጃው» የሚሉት ድንጋይ አለ፤ አህያ አያልፈውምና ጭነቱ እዚያ ላይ ወደ ሰው ጀርባ ይዞራል። ወደ ሴት ጀርባ ማለቴ ነው። ወንዶቹማ ሁልጊዜ እርሻ አለባቸው፣ እህ!

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ሸጊቱ ናት፣ የያርጋል ታላቅ እህት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር። ደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር አራት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ስንቁን ተሸክማ ያደረሰችለት እሷ ናት፤ ዱቄቱ ያው በዚያው ገደል የወጣ ዱቄት ነው። ባሏ ሞቷል፤ የቀረቻት ዓለምዬ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ብቻ ናት። ወፍጮ ይጠናላችኋል የተባለ ዕለት ሸጊቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆማ «ገባ በሉ! ወንድሜ አለ አይደል?» ብላ እልል አለች። ሴቶቹም አብረዋት እልል አሉ።

ያርጋል ሥራውን ያውቃል፤ ይህንን አልነሳውም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ በየዓመቱ የሚገባውን ገንዘብ አሰፈረ፣ ወጪውን ቀነሰ፣ የቀረውን ወደ ዛሬ ዋጋ መለሰ። የዛሬ አምስት ዓመት የምትመጣ መቶ ብር ዛሬ እጅ ላይ ካለች መቶ ብር ጋር እኩል አይደለችማ። ከዚያ ላይ ለመነሻ የሚወጣውን ካፒታል ቀነሰ። የሚተርፈውን በቢሮው «ኤን ፒ ቪ» ይሉታል፤ በዛሬ ዋጋ የተጣራ ትርፍ ማለት ነው። መጋዘኑ አንድ ሚሊዮን ተኩል መጣለት። መኪናው ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሺህ።

ወፍጮው ላይ ሲደርስ ግን ስሙ ትዝ አለው። አጥኚዎቹ በዙሪያው ያለውን አንድ ሺህ አባወራ «በወር ስንት ኪሎ ታስፈጫላችሁ?» ብለው ጠይቀዋል፤ በአማካይ ሰባ አምስት ኪሎ። ቅጹ የሚፈልገው የቀኑን ነው። ያርጋል ለሠላሳ አካፈለ፤ ሁለት ኪሎ ተኩል። ቀጥሎ ቅጹ «በወር የሥራ ቀን» ይላል። እዚህ ላይ ፈገግ አለ። አባቱ ቄስ ነበሩ፤ በዓላቱን ከአፋቸው ነው የለቀመው። አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም፣ በዓለ ወልድ፣ አራት እሑድ። በእነዚህ ቀኖች ቁልቋል ሚካኤል ላይ ወፍጮ የሚያስነሳ ሰው አይኖርም። አሥሩን ቀን ነቅሶ አወጣና «ሃያ» ብሎ ጻፈ። ሁለት ኪሎ ተኩል በሃያ ቀን ሲባዛ ለአንድ ቤት በወር ሃምሳ ኪሎ ሆነ።

«ለአገሩ አደላ የሚል ካለ አሁን ይምጣ!» አለ ብቻውን። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላል ያገራችን ሰው። ያርጋል ግን ለራስ ሲቆርሱ ማሳነስ ጽድቅ ይመስለዋል። ወፍጮው ዘጠኝ መቶ ሺህ መጣ።

ቁጥሩን መልሳ የምታየው ሀናን ናት፤ የዩኒየኑ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የዳባቱ ነጋዴ የባሽር ልጅ። ወረቀቱን አንብባ ብዕሯን አንድ ቦታ ላይ አቆመች።

«ጋሼ ያርጋል፣ እዚህ ጋ ለሠላሳ ካካፈሉ በኋላ ነው በሃያ ያባዙት?»

«በዓል አለ። በበዓል አይፈጭም።»

«እሱስ ገብቶኛል፤ ግን...»

«ሀናን፣ የኛን በዓል ከኔ ወዲያ አንቺ ልትቆጥሪልኝ ነው?»

ልጅቱ ፊቷ ቀላ፣ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት። ሁለተኛ አላነሳችውም። እንዴት ታንሳው? አፏን ነው የዘጋባት።

ቦርዱ በተሰበሰበ ቀን አዳራሹ ሞላ። ከቁልቋል ሚካኤልም ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ የተናገረችው ሀናን ናት። «ለአንድ ብር የምናገኘውን ካየን» አለች፣ «ወፍጮው ስልሳ ሳንቲም ያመጣል፣ መጋዘኑ ሃምሳ፣ መኪናው አርባ ስምንት። ከላይ ከጀመርን ወፍጮና መጋዘን ይገባሉ። ለመኪናው አይበቃም።» ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተጎሻሸሙ። ሊቀ መንበሩ አቶ ገሠሠም «ይኸማ ግልጽ ነው» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ነገሩ አልቆ ነበር። ያርጋል ዝም ቢል ኖሮ እዚያው አልቆ ነበር።

ያርጋል ግን ተነሣ።

«ክቡራን፣ ይህ መንገድ ነገሩ የሚቆረስ ቢሆን ልክ ነበር» አለ። «ከሚያዋጣው ጀምረን ገንዘቡ እስኪያልቅ እየቆረስን እንወርድ ነበር። ግማሽ መኪና ግን አይነዳም፤ ሩብ መጋዘንም ገብስ አይከማችበትም። የማይከፈል ነገር ሲሆን የአንዱን ብር ትርፍ ሳይሆን በአምስቱ ሚሊዮን ውስጥ የሚገባውን ጥምር ድምር ነው የምናየው።» ጠመኔ አንሥቶ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ወፍጮና መኪና ሦስት ሚሊዮን ተኩል ይፈጃሉ፣ ኤን ፒ ቪያቸው አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ስድሳ ሺህ። ወፍጮና መጋዘን አራት ሚሊዮን ተኩል ይፈጃሉ፣ ሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ያመጣሉ። መጋዘንና መኪና አምስቱን ሚሊዮን አንጠፍጥፈው ይበሉና ሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ስድሳ ሺህ።

«ልዩነቱ ስድሳ ሺህ ብር ብቻ ነው?» አሉ አቶ ገሠሠ።

«ስድሳ ሺህ።»

«በወፍጮውና በመጋዘኑ ከሄድን ግማሽ ሚሊዮን ብር ይተርፈናል እኮ። እሱስ አይቆጠርም?»

«ባንክ ይቀመጥ እንበል። እኛ በምናሰላበት ወለድ ልክ ቢወልድ እንኳ ወደ ዛሬ ሲመለስ ያው ግማሽ ሚሊዮን ነው። ለድምሩ የሚጨምረው የለም።»

አቶ ገሠሠ ኋላ ወደተቀመጡት ሽማግሌዎች አዩና ወደ እሱ ዞሩ። «ያርጋል፣ ቁልቋል ሚካኤል አገርህ አይደለም እንዴ?»

«አገሬ ነው» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እህቴም እዚያው ናት።»

አዳራሹ አጨበጨበ። አንዱ «ሚዛን!» ብሎ ጮኸ። ያርጋል ጆሮው እስኪግል ድረስ ደስ አለው። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም፤ ይህን ራሱ ነው በኋላ የተናገረው። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው በኋላ በር ወጡ። አንድም ሰው አላያቸው።

መንገዱስ ልክ ነበር፤ ማንም የሒሳብ ሰው ያንን ሰሌዳ አይቶ ስሕተት ነው አይልም። ጉዱ ሰሌዳው ላይ አልነበረም።

በሳምንቱ ሸጊቱ ደባርቅ ወጣች። ቢሮው በር ላይ ቆማ «ቀረ የሚሉት እውነት ነው?» አለችው። ወረቀቱን አውጥቶ ሊያስረዳት ሞከረ፤ ስለ ጥምሩ፣ ስለ ስድሳ ሺሁ። ምንም አልገባትም። «አንተ ካልህ እንግዲህ ልክ ነው» አለች። «እኔ ለሴቶቹ የምለው ብቻ ጨነቀኝ፤ እልል ብዬ ነበር።» ያመጣችለትን ቅቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። በሚያዝያ መጋዘኑ ተመረቀ፣ መኪናውም ገባ። ወፍጮው ቢፈቀድ ኖሮ እሱም በሚያዝያ ይተከል ነበር፤ ጥናቱ ስድስት ወር ነው የሚለው።

ሰኔ አሥራ አንድ ቀን ሸጊቱ ከደረጃው ወደቀች። ዝናብ መቷት ነበር፣ ድንጋዩም አሟልጧታል። ዱቄቱን ብትለቀው ትተርፍ ነበር ይላሉ አብረዋት የነበሩት፤ አልለቀቀችውም። ሁለት ሰው ቁመት ያህል ወርዳ በጀርባዋ አረፈች። ጎንደር ድረስ ወሰዷት። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን አድርገው «ከወገብ በታች አይመለስም» አሉ። ያርጋል ቤቱ አመጣት፣ መስኮት አጠገብ አልጋ ዘረጋላት። መኪናው ደግሞ በየጠዋቱ በዚያ መስኮት ሥር ነው የሚያልፈው፤ ሹፌሩ ለአለቃው ቤት ክብር ብሎ ጥሩንባውን ይነፋል። ሸጊቱ በነፋ ቁጥር ትደነግጣለች።

እህሉን ወደ ዛሪማ የምታወርደው አሁን ዓለምዬ ናት።

ሰው ተኝቶ ሲውል ሐሳብ ይበዛበታል። አዲሱ ዓመት ጠብቶ በመስከረም አጋማሽ አንድ እሑድ ሸጊቱ «ያርጋልዬ፣ ያንን ወረቀት አምጣው እስቲ» አለችው። «ያን ጊዜ ቸኩዬ ነበር። አሁን የት እሄዳለሁ? አስረዳኝ።»

ደስ አለው፤ የባሰበት! ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከላይ ጀመረ። «ይኸውልሽ፣ እትዬ። አንድ ቤት በቀን ሁለት ኪሎ ተኩል ያስፈጫል።»

«በቀን ማን ያስፈጫል? በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ነው የምንወርደው።»

«ለስሌት ነው። የወሩን ለሠላሳ አካፍዬው ነው።»

«እሺ። ለሠላሳው ቀን ምግብ።»

«እሱን በሃያ አባዛሁት፤ ሃያ ቀን ነው የሚፈጨው። አሥሩ ቀን በዓል ነው።»

ሸጊቱ ጣቶቿን አንጓ በአንጓ ቆጠረች፣ እንደገናም ቆጠረች።

«እና አሥሩን ቀን ምን በሉ ብለህ ነው?» አለችው።

«እ?»

«በበዓሉ ቀን አንበላም? ወፍጮው ይዘጋል እንጂ ሆድ ይዘጋል? ለሚካኤልማ ዝክር አለ፣ እንግዳ አለ፤ ከአዘቦቱ ቀን ይልቅ የሚበላው ያን ቀን ነው። ስለዚህ በዋዜማው እናስፈጫለን። እኔ የወደቅሁት ለምን መሰለህ? ሰኔ አሥራ አንድ ነበር እኮ፣ ልጄ። ለሰኔ ሚካኤል ነው የወረድሁት።»

ያርጋል ወረቀቱን አየ። ሠላሳ የሚለውን አየ፣ ሃያ የሚለውን አየ። ሀናን ብዕሯን ያቆመችበት ቦታ ላይ ትንሽ የቀለም ነጥብ አለ። ወፍጮው በሃያ ቀንም ቢሆን ሰባ አምስቱን ኪሎ በደንብ ይፈጨዋል፤ ሰልፉ ይረዝማል እንጂ እህሉ አይጎድልም። ሲሶውን እህል ከሺህ ቤት አፍ ላይ ነጥቆ የጣለው ወፍጮው አይደለም፣ በዓሉም አይደለም። እዚያው ተቀምጦ አሰላው። ነዳጁንም አብሮ ጨመረ። ዘጠኝ መቶ ሺህ የነበረው ሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ ወጣ። ከመጋዘኑ ጋር ሲጣመር ሦስት ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ። በስድሳ ሺህ ተበለጠ ያለው ወፍጮ ከሚሊዮን በላይ ይበልጥ ነበር።

«እትዬ፣ ተሳስቻለሁ» አላት። ያለው ይህንኑ ብቻ ነው።

ሸጊቱ እጁን ያዘችው። «ለሰው አትናገር» አለችው። «ሚዛን ነው ይሉሃል። እኔ እንደሆንሁ ተሰብሬያለሁ፤ ያንተ ስም ከኔ ጋር ምን ይሁን ብሎ ይሰበራል? ብቻ ዘንድሮ አስተካክለው። ለዓለምዬ ብለህ።»

«በሚካኤል!» ብሎ ማለላት።

ጥቅምት ደረሰ። የ2006 ማስፋፊያ ሁለት ሚሊዮን ብር ብቻ ነው። ሁለት ጥያቄ ቀረበ፤ ያው ወፍጮ በአንድ ሚሊዮን ተኩል፣ የደባርቅ የድንች ዘር መጋዘን በአንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ ሺህ። የድንቹ ኤን ፒ ቪ አንድ ሚሊዮን ነው። ሁለቱ አብረው አይገቡም፤ የሚመረጠው ዋጋው የሚበልጠው አንዱ ብቻ ነው። ያርጋል የወፍጮውን ቅጽ ከፈተ። ሃያን ሰርዞ ሠላሳ ቢል ወፍጮው ሁለት ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ ሆኖ ድንቹን እጥፍ ይበልጠዋል። አንድ ቁጥር ናት። ብዕሩን አነሣ።

ከዚያ አሰበ። አቶ ገሠሠ «አምና ሃያ ነበር፣ ዘንድሮ ምን ተገኘ?» ማለታቸው አይቀርም። ምን ይበል? ተሳስቼ ነበር? ያ ያጨበጨበ አዳራሽ ሁሉ እህቱን የሰበራት እሱ ነው ይላል። ወይም «እህቱ ተሰበረችበትና አደላ» ይላሉ፤ ይህኛው ደግሞ ከሞት ይብስበታል። ሀናን ከማዶ ጠረጴዛ ቀና ብላ አየችው። ዓይኑን ሰበረ። ካፈርሁ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም! ብዕሩን አስቀመጠና ቅጹን እንዳለ አስተላለፈው። ወፍጮው በመቶ ሺህ ብር ተበልጦ ወደቀ። ዘንድሮም «ለአገሩ የማያዳላ» ብለው አመሰገኑት፤ የምስክር ወረቀትም ሰጡት፣ ባለ መስታወት።

ማታ ሲገባ ሸጊቱ ጠብቃዋለች።

«ደረሰ?»

«አልደረሰም። በትንሽ ነው ያለፈን።»

«ስንት ቀን ብለህ ጻፍህ?»

ያርጋል የምስክር ወረቀቱን በብብቱ እንደያዘ ቆመ።

«ያርጋል፣ ስንት ቀን አልህ?»

«ሃያ» አላት።

አልጮኸችም። አልረገመችውም፤ ምነው በረገመችው። ራቱን አቀረበላት፣ አልነካችውም። በማግስቱ ጎረቤት አስጠርታ «ወደ አገሬ አውርዱኝ» አለች። ያርጋል ለመናት፣ ጉልበቷ ሥር ወደቀ፤ እሷ እንደሆነ ጉልበቷ ነገር አይሰማም። «በል ተነሥ፣ ሥራ ይረፍድብሃል» ብቻ ነው ያለችው።

ከቁልቋል ሚካኤል ስምንት ወንድ መጥቶ በቃሬዛ ተሸከማት። ያርጋልም ከኋላ ተከተለ። የመንደሩና የዛሪማው መንገድ ከሚገናኙበት ሲደርሱ ዱቄት የተሸከሙ ሴቶች ከታች እየወጡ ነበር። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ቃሬዛው ወደ ጥግ ተጠግቶ ቆመላቸው። ሦስተኛዋ ዓለምዬ ናት፣ ጎንበስ ብላ፣ ፊቷ በዱቄትና በላብ ተለውሶ። እናቷን አላየቻትም፤ እንዲያ ተጎንብሶ ከእግር በቀር የሚታይ የለም። ሸጊቱ ስሟን ልትጠራ አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ብትጠራት ቀና ትላለች፣ ቀና ካለች ትወድቃለች።

ጥቅምት አሥራ አንድ ነበር፣ የሚካኤል ዋዜማ። ያርጋል ቀኑን ያውቀዋል፤ በዓላቱን በቃሉ ነው የያዛቸው።